ባላንጣው ወረቀቱን ሲያርም

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጎን ለጎን ብሎኬት የሚያመርቱ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ጋሽ ደምሴና ጋሽ ወርቁ። 18 ዓመት በደንበኛ ሲሻሙ፣ ሰላም ሳይባባሉ ኖሩ። ጋሽ ደምሴ ሞተ። ጋሽ ወርቁ በቀብሩ ላይ እንዲናገር፣ ለካ በልቡ ያከብረው እንደነበርም እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ‹እውነቱን ለመናገር ሁልጊዜም አከብረው ነበር› ብሎ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሦስቱንም ጊዜ ውሸት መሰለብኝ። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?»

ምላሽ፦

የተበላሸው «አከብረው ነበር» የሚለው ላይ ነው። ያውጡት። በሌላ የተሻለ ቃል አይተኩት፤ ዝም ብለው ያውጡት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ለቅሶ ቤት ሁሉም ሰው ያመሰግናል። «የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው» የምንለው ለዚህ ነው። በሕይወት እያለ ፊቱን ያዞርበት የነበረ ጎረቤት ሁሉ ድንኳን ውስጥ ገብቶ «ደግ ሰው ነበር እኮ» ይላል። ማንም አይታዘበውም፤ ወጉ ነውና። ስለዚህ ቀብር ላይ የተነገረ ምስጋና ብቻውን ክብደት የለውም። ጋሽ ወርቁ ያንኑ ከደገመ፣ ከለቀስተኛው እንደ አንዱ ሆነ ማለት ነው። 18 ዓመት ሙሉ የገነቡት ጠብ ውኃ በላው።

ባላንጣን ከሌላው ለቀስተኛ የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ሲከታተል ኖሯል። ጎረቤት በአጥሩ አጠገብ ያልፋል፣ አያይም። ባላንጣ ግን ያያል። ማን መጣ፣ ስንት መኪና ወጣ፣ መብራቱ ስንት ሰዓት በራ፣ ዛሬ ለምን ዝም አለ? ሚስት የማትቆጥረውን ይቆጥራል። ጋሽ ወርቁ ስለ ጋሽ ደምሴ ሥራ ከልጆቹ የበለጠ ያውቃል። የሚፈልጉት አክብሮት ያለው እዚያ እውቀት ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚሰማውን አያናግሩት። የሚያውቀውን ያናግሩት።

ወደ ንግግሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ችግር አለ። ለመሆኑ ጋሽ ወርቁን ማን ተናገር አለው?

በውጭ ፊልም ላይ አንዱ ከመቀመጫው ይነሳና ይናገራል። እኛ ጋ እንዲህ አይደለም። ጠዋት ጡሩምባ ይነፋል፣ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ፍትሐት ይደርሳል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ የሕይወት ታሪኩን ያነባል። የኛ የቀብር ንግግር ይህ ወረቀት ነው። ካህኑ ያጽናናሉ፣ ግብዓተ መሬቱ ይፈጸማል፣ ቤተሰቡ ይሰለፋል፣ ሰዉ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ያልፋል። በዚህ ሁሉ መሃል ለባላንጣ የሚሆን ቦታ የለም። ዘሎ ማይክ ቢይዝ ለቀስተኛው «ምን ነካው?» ነው የሚለው። አንባቢዎም እንደዚያው።

ስለዚህ ግዴታ ይስጡት። ጋሽ ወርቁን የእድሩ ሰብሳቢ ያድርጉት። በከተማው ዳር ባሉ ሰፈሮች ሰው ከየቦታው ተሰባስቦ ስለሚኖር፣ ሥራ ላይ የማይነጋገሩ ሰዎች በአንድ እድር ውስጥ መሆናቸው ያለ ነው። በእድሩ ልማድ የሕይወት ታሪክ የሚያነበው ሰብሳቢው ነው ይበሉ። የጋሽ ደምሴ ትልቋ ልጅ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ጽፋ ወረቀቱን በሁለት እጇ ትሰጠዋለች። እምቢ ማለት አይችልም። አሁን አክብሮቱን ሊናገር አልመጣም፣ ሥራውን ሊሠራ ነው የመጣው። እንዲህ ሲሆን ከአፉ የሚያመልጠው ነገር ሁሉ ይታመናል።

እኔ ለብዙ ዓመት የሬዲዮ ድራማ ስጽፍና ሳርም ኖሬያለሁ። በሰፈሬ እድር ደግሞ የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ወረቀት በደንብ አውቀዋለሁ። ቅርጹ አይለወጥም። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ይላል። ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር ይከተላል። «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» የሚል አንድ መስመር አለው። ከዚያ የልጆቹ ቁጥር፣ ከዚያ «ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን»። ደግሞ ሁልጊዜ ስህተት አለበት። ልጆች የአባታቸውን ሥራ የጀመረበትን ዓመት አያውቁም። አንዱ 98 ይላል፣ አንዱ 99። ሌሊት ላይ፣ እያለቀሱ፣ ከሁለት አንዱን ይጽፋሉ።

ለእርስዎ ትዕይንት ቁልፉ ይህ ስህተት ነው። ባላንጣው ወረቀቱን ያርማል።

ልጆቹ 1999 ብለው ጽፈዋል። ጋሽ ወርቁ ግን ሰኔ 1998 እንደሆነ ያውቃል። ከዚህ በፊት ባሉት ምዕራፎች ውስጥ ደግሞ የጋሽ ወርቁ የግቢ በር ላይ «በአካባቢው ቀዳሚው የብሎኬት ማምረቻ» የሚል ታፔላ ይስቀሉ። ጋሽ ደምሴም ያንኑ ጽፎ ይስቀል። ሁለቱ 18 ዓመት የተጣሉት እኔ ነኝ የቀደምኩት በሚል ይሁን። የጋሽ ወርቁ ማሽን የገባው ሐምሌ 1998 ነው። ወረቀቱ እንዳለ ቢነበብ ጋሽ ወርቁ አሸነፈ። ማንም የሚያስተባብለው የለም፤ የሚያስተባብለው ሰው ሳጥን ውስጥ ነው። እሱ ግን ማንበቡን ያቆማል።

አንድ ቀን ተቀምጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት። እንደ ረቂቅ ይዩት፣ እንደፈለጉ ይቀይሩት።

«…አቶ ደምሴ በ1999 ዓ.ም. በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የብሎኬት ማምረቻ ከፍተው…»

(ያቆማል። መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል። መልሶ ያደርገዋል።)

«99 አይደለም። 98 ነው። ሰኔ። ዝናብ ነበር። ማሽኑን የጫነው አይሱዙ መታጠፊያው ላይ ጭቃ ያዘው። ሰው ወጥቶ ገፋለት። እኔ በራፌ ላይ ቆሜ አየሁ። አልገፋሁም። የኔ ማሽን የገባው ሐምሌ ላይ ነው።

«…በሥራቸው ታታሪ፣ ሰው አክባሪ…

«ታታሪ ይላል። ልጆቹ ናቸው የጻፉት፣ እግዜር ይስጣቸው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ መብራቱ ይበራል። ብሎኬቱን ውኃ ሊያጠጣ ነው። ሰባት ቀን ያጠጣል። አምስተኛው ቀን ላይ ገዢ መኪና ይዞ ቢመጣ፣ ብሩን ቆጥሮ ቢሰጠው፣ ‹ሁለት ቀን ጠብቅ› ይለዋል። ገዢው ይናደዳል። ከዚያ ወደኔ ይመጣል። እኔ እሸጥለታለሁ።

«በ2014 ሲሚንቶ የጠፋ ጊዜ የሱ ማሽን ቆመ። ሁለት ወር ቆመ። የኔ አልቆመም።»

(ዝም ይላል። ከኋላ አንድ ሰው ይስላል።)

«አንድ ብሎኬት ገዝቼዋለሁ። በሰው ልኬ። ባለ 20። ከደረቴ ላይ ለቀቅኩት። ጥጉ ትንሽ ተላጠ እንጂ አልተሰበረም። ደግሜ ለቀቅኩት። አሁንም የግቢዬ በር በነፋስ እንዳይዘጋ የማስደግፈው በሱ ነው።

«ደምሴ፣ እኔ እኮ አሥር ሰዓት የምነሳው አንተ ስለምትነሳ ነው።»

(ወደ ወረቀቱ ይመለሳል።)

«አቶ ደምሴ የአራት ልጆች አባትና የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።»

ይህን ረቂቅ እየጻፍኩ ሳለ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀችኝ «የኔ አልቆመም» የምትለዋ ናት። ስለሷ ትንሽ ልቆይ።

ላይ ላዩን ጉራ ነች። «እሱ ሲያቅተው እኔ ሠራሁ» ማለት ትመስላለች። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ሲሚንቶ በጠፋበት ጊዜ ማሽን ሳያቆሙ መሥራት የሚቻለው አንድም ከየትም ብሎ ሲሚንቶ በማግኘት ነው፣ አንድም ያለችውን ከረጢት በማሳሳት። በአንዱ ከረጢት ላይ አሸዋና ጠጠሩን ሁለት ሦስት አካፋ መጨመር ነው። ሲወጣ ያው ብሎኬት ነው፣ መልኩም አይለይም። ከወር በኋላ ግን ጥጉን በአውራ ጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ጋሽ ደምሴ ያንን አልሠራም፣ ማሽኑን አቆመ፣ ሁለት ወር ገቢ አጣ። ጋሽ ወርቁ ሠራ። ሰሙ ጉራ፣ ወርቁ ኑዛዜ ነው። በቅኔ ያደገ ጆሮ ስላለን ይህን ማብራራት አያስፈልግዎትም። እንዲያውም ካብራሩት ይሞታል።

አክብሮቱ እውነት የሚሆነው ተናጋሪውን ሲያስከፍለው ነው። ቀብሩ ላይ የቆሙት እነማን እንደሆኑ ያስቡ። ከነዚያ ሰዎች ግማሾቹ ከጋሽ ወርቁ ብሎኬት ገዝተው ቤት የሠሩ ናቸው። በ2014 የገዛ ሰው እዚያ ቆሟል። «የኔ አልቆመም» ሲል ያ ሰው ቀና ብሎ ያየዋል። ከላይ የሚስለው ሰውዬ ለምን እንደገባ አሁን ገባዎት? «ቀዳሚው» የሚለው ታፔላም እንዲሁ ነው። ነገ ጠዋት ያንን ታፔላ ሰው ሁሉ እያየ ነው የሚያልፈው። ሟቹን ካመሰገነው በኋላ ምንም ያልጎደለበት ባላንጣ፣ ባላንጣ አልነበረም።

የማጠጣቱንም ነገር ያለ ምክንያት አላመጣሁትም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም። ከውኃ ጋር ሲዋሃድ ነው። ፀሐይ ላይ ቶሎ ከደረቀ መጠንከሩን ያቋርጣል። ለዚህ ነው ጥሩ አምራች ከማሽን የወጣውን ብሎኬት ለሰባት ቀን ያህል ሳይታክት የሚያረጥበው። ግን ይህን ሥራ ማንም አያይለትም። ገዢ ሲመጣ ሰባት ቀን የጠጣውና ሦስት ቀን የጠጣው ተደርድረው አንድ ይመስላሉ። ሊያይ የሚችለው ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ መብራቱን የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው። ለገጸ ባሕርይዎ ሥራ ሲመርጡ እንዲህ ዓይነት ማንም የማያየው ድካም ይፈልጉለት። ጠጅ ጣይ ቢሆን፣ ጋራዥ ቢኖረው፣ ልብስ ሰፊ ቢሆን፣ ሁሉም አላቸው። ያንን ድካም የሚያውቀው ባላንጣው ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ ስለ «እሱ»፣ «እሳቸው» እና «አንተ» ልንገርዎ። አማርኛ ለዚህ ትዕይንት ትልቅ መሣሪያ ሰጥቶናል፣ ብዙ ጀማሪ ግን አይጠቀምበትም።

የእድር ወረቀት «እሳቸው» ነው የሚለው። ተወለዱ፣ ሠሩ፣ ተለዩ። በእርስዎ ትዕይንት ውስጥ «እሳቸው» አክብሮት አይደለም፣ የወረቀቱ ልብስ ነው። ጋሽ ወርቁ እንደዚያ እያነበበ እስከሄደ ድረስ ከጋሽ ደምሴ ሩቅ ነው። «98 ነው» ብሎ ሲያርም ግን ከወረቀቱ ወጣ፣ «እሳቸው» ቀረ። «ያጠጣል፣ ይላል» ማለት ጀመረ። ሰው ስለ እኩያው፣ ስለሚያውቀው ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው። ልብ ብለው ካዩት «ያጠጣ ነበር» አላለም። «ያጠጣል» ነው ያለው። ለሱ ሰውዬው ገና አልሞተም። ይህችን ሆን ብዬ ነው ያስገባኋት። አራሚ «ነበር ጨምርበት» ቢልዎ እሺ አይበሉት።

መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ «አንተ» ይላል። ለቅሶ ላይ ሟችን «አንተ» ብሎ መጥራት የአልቃሽ ወግ ነው፤ በሙሾ እናቱም እህቱም የሚያናግሩት ፊት ለፊት ነው። ጋሽ ወርቁ 18 ዓመት ስሙን አልጠራም ይበሉ። ለሠራተኞቹም «ሰውዬው»፣ «ያ የወዲያኛው» ነው የሚለው። ይህንን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረው ያስለምዱን። ከዚያ «ደምሴ» ሲል፣ ያለ አቶ፣ ያለ ጋሽ፣ አንባቢው ወንበሩ ላይ ይስተካከላል። ሁለቴ ካሉት ግን ለቅሶ ሆነ። አንዴ ነው። ከዚያ ወዲያው ወደ «እሳቸው» ይመለስ። የሚመለሰው ስላፈረ ነው፤ ለአንባቢ ግን አፈረ ብለው አይንገሩት።

በነገራችን ላይ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ድንኳን ውስጥ ነው የሚሰሙት። ከቤተሰቡ ጋር በኦሮምኛ የሚያለቅሱ አንድ ሁለት ሰዎች ከሌሉ ቦታው ቦታውን አይመስልም። ረጅም ነገር አያስፈልግም። ድምፁ መኖሩ ይበቃል።

አሁን ደግሞ የሚያበላሹት ነገሮች። እኔ ራሴ አንዱን ስለሠራሁት ከሱ ልጀምር።

ከብዙ ዓመት በፊት ተመሳሳይ ትዕይንት ለሬዲዮ ጻፍኩ። ሁለት ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ንግግሩ ሁለት ገጽ ሆነ። «ወንድሜ» አለ፣ «ይቅር በለኝ» አለ፣ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ። ስጽፈው እያለቀስኩ ነበር። ልምምድ ላይ ሚናውን የያዘው አንጋፋ ተዋናይ አንብቦ ጨረሰና መነጽሩን አውርዶ አየኝ። «ይሄ ሰውዬ ሟቹን በፊት ያውቀው ነበር?» አለኝ። ደነገጥኩ። «20 ዓመት ነዋ!» አልኩት። «እንግዲያው ስለሱ አንድ ነገር ይንገረን» አለኝ። ደግሜ ሳየው እውነቱን ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ራሱ ነው የተናገረው። ስለ ሟቹ አንድ ነገር የለም፤ በየትኛው እጁ መቀስ እንደሚይዝ እንኳን አልነበረም። ለዚያ ሰውዬ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ስለዚህ ይቅርታ አያስጠይቁት። ይቅርታ ሁለት ሰው የሚፈልግ ነገር ነው፣ አንዱ ደግሞ የለም። ይቅር በለኝ ሲል ትኩረቱ ከሟቹ ወደ ራሱ ይዞራል። «አልገፋሁም» በቂ ነው። ምን እንደጎደለበት ያወቀ ሰው ነው እንደዚያ የሚናገረው።

ርዝመቱም አለ። በኔ ልምድ አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ በዝግታ ሲነበብ ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል፣ ሳጥኑ መሬት ላይ ነው፣ ካህናቱ ይጠብቃሉ። ከዚያ ካለፈ እግር መቀያየር ይጀመራል። ከወረቀቱ ወጥቶ የሚናገረው ደግሞ ከዚያም ያነሰ መሆን አለበት። ጮክ ብለው ያንብቡት፣ በሰዓት ይለኩት። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ የሚወጣ ነገር አለ። መጀመሪያ የሚወጣው ቅጽል ነው፤ ጠንካራ፣ ቅን፣ ታላቅ። በኔ ረቂቅ ውስጥ ያለው ምስጋና «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ» ነው፣ እሱም የልጆቹ ነው። ጋሽ ወርቁ ከአፉ አንድም የምስጋና ቃል አላወጣም።

መስመር በመስመር የሚፈትኑበት መንገድም አለ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከጋሽ ወርቁ አፍ ወስደው ለሌላ ለቀስተኛ ይስጡት። ለሟቹ አማች ይስጡት፣ ለሱቅ ባለቤቱ ይስጡት። እነሱም ሊሉት የሚችሉት ከሆነ ይሰርዙት። «ደግ ሰው ነበር» ማንም ይላል፣ ይሰረዝ። «አምስተኛው ቀን ላይ ገዢ ቢመጣ ሁለት ቀን ጠብቅ ይለዋል» የሚለውን ግን አማቹ ሊለው አይችልም። ያ ገዢ ተናዶ የሄደው ወደ ማን እንደሆነ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ረቂቅዎን በዚህ ወንፊት ቢያሳልፉት ከሦስቱም ምናልባት አራት መስመር ይቀርዎታል። አይደንግጡ። ከነዚያ አራት መስመሮች ነው የሚጀምሩት።

አንድ ነገር ግን ንግግሩ ብቻውን አይችልም። እነዚህ ዝርዝሮች ቀብሩ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰሙ አንባቢው የሚያስታውሰው ነገር የለም፣ ስለዚህ አይነካውም። ቀደም ብለው ያለ ምንም ማብራሪያ ይትከሏቸው። በሁለተኛው ምዕራፍ ጋሽ ወርቁ ግቢውን ሲከፍት በሩን በብሎኬት ያስደግፍ። የማን ብሎኬት እንደሆነ አይናገሩ። አንዱ ሠራተኛው «ጋሼ፣ ይቺን ልጣላት? ጥጓ ተላጧል» ቢለው «ተዋት!» ብሎ ይቆጣው። በሌላ ምዕራፍ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ተነስቶ በመስኮት ይይ፣ ከዚያ ልብሱን ይልበስ። አንባቢው ነጋዴ ስለሆነ ማልዶ ተነሳ ብሎ ያልፈዋል። በ2014ቱ ምዕራፍ አካፋው ሲጨመር ያሳዩን፣ ጋሽ ወርቁ ደግሞ በዚያ ቅጽበት ዝም ያለውን የጎረቤት ማሽን ያዳምጥ። ሦስት ዘር ይበቃል። አራተኛ ከጨመሩ አንባቢው ነገሩን ቀድሞ ያውቅብዎታል።

ከንግግሩ በኋላ ስላለው ደቂቃ ልጨምርና ላብቃ። እኛ ጋ ቀብር ላይ አይጨበጨብም። «ሕዝቡ በመደነቅ እርስ በርሱ ተያየ» የሚል ነገርም አይጻፉ። ንግግሩ እንዳለቀ ሴቶቹ ጋ ለቅሶው ከፍ ይላል፣ ሳጥኑ ይነሳል፣ ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ይንቀሳቀሳል። ሰው ስለ ንግግሩ የሚያስበው በኋላ፣ ድንኳን ውስጥ እጁን ታጥቦ ንፍሮ ሲዘግን ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ማንም አያነሳውም። ልጅቷ ግን አንድ ነገር ታድርግ። ወረቀቱን ልትቀበለው ስትመጣ ጋሽ ወርቁ ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ 1999ን ሰርዞ 98 ብሎ ጽፎበት ይስጣት፤ ወረቀቱ ቤት ይቀመጣልና። እሷ ታየዋለች፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች።

እሱ ደግሞ የእድሩን መዝገብ ከጸሐፊው ይቀበልና ስም መጥራት ይጀምር። የቀረ ይቀጣል፣ ሥራው ነው። ስሞቹ በተራ ይጠራሉ፣ «አቤት» «አቤት» ይባላል። የጋሽ ደምሴ ስም ገና አልተሰረዘም። እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ይወቁ፤ እኔ ብሆን ጣቱን ስሙ ላይ አሳርፌ ቀጣዩን አስጠራው ነበር።